የግፊት ክኒንና የማይለቅ ሳል፦ ለድሬ ጠያራና ለሐረር አካባቢ ነዋሪዎች ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ በድሬ ጠያራ ቀበሌዎችም ሆነ በሐረር ከተማ ለምትኖሩ፣ የደም ግፊት ክኒን ለምትወስዱና ደረቅ ሳል አልለቅ ላላችሁ ሁሉ የተጻፈ ነው። ዋናው ነገር አስቀድሞ ይነገር። የምትወስዱት የግፊት መድኃኒት ኤናላፕሪል፣ ካፕቶፕሪል ወይም ሊሲኖፕሪል ከሆነ፣ ሳሉም የጀመራችሁ ክኒኑን መዋጥ ከጀመራችሁ ወዲህ ከሆነ፣ የሚያስላችሁ ራሱ ክኒኑ ሊሆን ይችላል። እንዲህም ሆኖ ክኒኑን በራሳችሁ ውሳኔ አታቋርጡ። ከመድኃኒት ቤት ሌላ ሽሮፕ ወይም አንቲባዮቲክ አትጨምሩበት። በቤታችሁ ያለውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ወደምትከታተሉበት ጤና ጣቢያ ሂዱና አሳዩ። ከሁሉም በፊት ግን የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይደረግላችሁ።

የነቀርሳው ምርመራ ለምን እንደሚቀድም ግልጽ መሆን አለበት። ሐኪሞች የአዋቂን ሳል በሦስት ይከፍሉታል። ከሦስት ሳምንት በታች የሆነው አብዛኛውን ጊዜ ጉንፋን ነው። ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት የሚቆየው ብዙ ጊዜ ከጉንፋን በኋላ የሚቀር የጉሮሮና የአየር ቧንቧ ቁጣ ነው። ስምንት ሳምንት ያለፈው ግን ሥር የሰደደ ሳል ይባላል፤ በራሱ ይሄዳል ተብሎም አይጠበቅም። ይህ አከፋፈል ነቀርሳ በማይበዛባቸው አገሮችም የሚሠራበት ነው። በእኛ አገር ግን ሌላ ደንብ ይቀድመዋል። ማንም ሰው 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ካሳለ አክታው ለነቀርሳ መመርመር አለበት፤ ስምንት ሳምንት አይጠበቅም። ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው። ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ የሚሠራው ምርመራ የነቀርሳውን ዘር ከመለየቱም በላይ ዋናውን መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑን ያሳያል። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ክኒን፣ ስለ አስምና ስለ አፍንጫ ፈሳሽ የሚነገረው ሁሉ ነቀርሳ አለመሆኑ በአክታና በራጅ ከተረጋገጠ በኋላ የሚመጣ ነው።

አሁን አንድ ታሪክ እንከተል። ታሪኩ የአንዲት ሴት ብቻ አይደለም፤ በየክትትል ክፍሉ የሚደጋገም ስለሆነ የብዙዎቹን መንገድ በአንዲት እናት አድርገን እንየው። እኚህ እናት 54 ዓመታቸው ነው። ከድሬ ጠያራ አትክልት እያመጡ ሐረር ሸዋ በር ገበያ ይሸጣሉ። ሲጋራ አጭሰው አያውቁም። ግንቦት ላይ ራስ ምታት አስቸግሯቸው ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ግፊታቸው 168 በ102 ሆኖ ተገኘ። በሌላ ቀን ሲለኩም አልወረደም። ኤናላፕሪል 5 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ተሰጣቸው። ክኒኑን በደንብ ወሰዱ።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ጉሮሯቸውን ይከረክራቸው ጀመር። በመጀመሪያ ሳል አልነበረም፤ ጉሮሮ ላይ ፀጉር የተጣበቀ ይመስል የመጠራረግ ፍላጎት ብቻ ነበር። ከዚያ ደረቅ ሳል ተከተለ። አክታ የለውም፣ ትኩሳት የለውም። ሌሊት ጋደም ሲሉ ይብሳል፣ ሲያወሩና ሲስቁ ይነሳል። ወሩ ክረምት ስለነበር ሁሉም ብርድ ነው አለ። ዝንጅብል በማር፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ከመድኃኒት ቤትም ሽሮፕ ተሞከረ። ሐምሌ ላይ አሞክሳሲሊን ተጨመረ። ምንም ለውጥ አልመጣም፤ ሊመጣም አይችልም ነበር፤ የሚገደል ተሕዋስ አልነበረምና።

ነሐሴ ላይ ነገሩ ወደ ከፋ መንገድ ዞረ። አፍንጫ የሚከፍት የጉንፋን ክኒን ገዝተው ወሰዱ። አፍንጫ የሚከፍተው ቅመም፣ ማለትም ፕሲውዶኤፌድሪን ወይም ፌኒሌፍሪን፣ የደም ሥርን በማጥበብ ስለሚሠራ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በሳል ብዛት የጎድን ጡንቻቸው ሲያማቸውም ዳይክሎፌናክ ዋጡ። ይህ የሕመም ማስታገሻ ደግሞ ሰውነት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ስለሚያደርግ ግፊትን ይጨምራል፣ የኤናላፕሪልንም ጉልበት ይቀንሳል። በቀጠሯቸው ቀን ግፊታቸው ሲለካ እንደ መጀመሪያው ከፍ ብሎ ተገኘ። ስለጉንፋኑ ክኒንና ስለ ዳይክሎፌናኩ የጠየቃቸው የለም፤ እሳቸውም የሚነገር አልመሰላቸውም። ስለዚህ መድኃኒቱ አልበቃም ተብሎ ኤናላፕሪሉ ወደ 10 ሚሊግራም ከፍ ተደረገ። ልብ በሉ፤ ሳሉን ያመጣው ክኒን ሳሉን ለማከም በተገዙት መድኃኒቶች ምክንያት በእጥፍ ጨመረ። ይህ ማሳሰቢያ እንዲጻፍ ያደረገው ዋና ነገር ይህ አዙሪት ነው። ማንም በክፋት ያደረገው የለም፤ እያንዳንዱ ባለሙያ ያየው የራሱን ክፍል ብቻ ነው።

መስከረም ላይ አክታ ተመረመረ፤ ነቀርሳ የለም። ራጅ ተነሱ፤ ሳንባቸው ንጹሕ ነው። አንድ ቦታ አስም ነው ተብለው የዴክሳሜታዞን መርፌና ለጥቂት ቀናት ፕሬድኒሶሎን ተሰጣቸው። ሳሉ አልተለወጠም፤ ግፊቱ ግን አሻቀበ። ጥቅምት ላይ ተስፋ ቆርጠው ኤናላፕሪሉን ለማንም ሳይናገሩ ተዉት። በአሥር ቀን ውስጥ ሳሉ ሲበርድ ተሰማቸው። በዚያው ሰሞን ግን ራሳቸውን ከባድ ሕመም ይዟቸው ሲለኩ 190 በ110 ሆነ። ደንግጠው ክኒኑን ሲጀምሩ ሳሉ በጥቂት ቀናት ተመለሰ።

ለማንም ያልነገሩት ሌላም ጭንቀት ነበራቸው። ሳሉ በርትቶ ሲመጣ ሽንት ያመልጣቸዋል። ውዱእ እየፈረሰባቸው ከሰው ጋር ሰላት መቆም ተዉ፤ ገበያ መሄድም ቀነሱ። የወለዱ ሴቶች ሥር በሰደደ ሳል እንዲህ መቸገራቸው የተለመደ ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። ለሐኪሙም መነገር አለበት፤ ሳሉ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ አብሮ የሚሻሻል ነው።

ኅዳር ላይ አንዲት የጤና መኮንን ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። «እናቴ፣ ሳሉ መቼ ጀመረዎት?» አለች። «ክረምት ሲገባ፣ ልጄ።» «ይህን ክኒንስ መቼ ጀመሩ?» «ከዚያ ወር አስቀድሞ።» «ትተውት ያውቃሉ?» ያን ጊዜ የጥቅምቱን ነገሯት። በሦስት ጥያቄ ጉዳዩ ተፈታ። ኤናላፕሪሉ በዚያው ቀን ቆሞ በምትኩ ሎሳርታን 50 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ ተጀመረ። ዳይክሎፌናክና የጉንፋን ክኒን ቀረ። በሁለተኛው ሳምንት ግፊታቸው 142 በ88 ነበር። ሳሉ ግን በመጀመሪያው ሳምንት እንዳለ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት መተኛት ቻሉ፤ በስድስተኛው ሳምንት ጠፋ።

ክኒኑ እንዴት ያስላል ለሚል ሰው መልሱ አንድ ብራዚላዊ እባብ ጋ ያደርሰናል። በ1940ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሮቻ ኢ ሲልቫ የተባለ የብራዚል ሳይንቲስትና ባልደረቦቹ ጃራራካ የሚባለውን እባብ መርዝ ሲያጠኑ በደም ውስጥ ብራዲኪኒን የሚባል ንጥረ ነገር አገኙ። ይህ ንጥረ ነገር የደም ሥርን ያሰፋል፤ ግፊትንም ይጥላል። በ1965 ሰርጂዮ ፌሬራ በመርዙ ውስጥ ብራዲኪኒን ቶሎ እንዳይፈርስ የሚያደርግ ነገር እንዳለ አሳየ። ከዚያ ፈለግ ተነሥተው የስኩዊብ ኩባንያ ተመራማሪዎች ኩሽማንና ኦንዴቲ ካፕቶፕሪልን ሠሩ፤ ኤናላፕሪልና ሊሲኖፕሪል የተከተሉት እሱን ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የሚያግዱት አንድ ኢንዛይም ሁለት ሥራ አለው፤ የደም ሥርን የሚያጠብብ ነገር ይሠራል፣ ብራዲኪኒንንም ያፈርሳል። ኢንዛይሙ ሲታገድ ግፊት ይወርዳል። ብራዲኪኒንም ሳይፈርስ በአየር ቧንቧ ውስጥ ይጠራቀምና የሳል ነርቮችን ይነካካል። ሎሳርታንና ቫልሳርታን የመሳሰሉት ግን ኢንዛይሙን አይነኩም፤ የሚሠሩት ከእሱ በታች ባለ ሌላ ደረጃ ላይ ነው። ሳል የማያመጡትም ለዚህ ነው።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ መጠኑን መቀነስ ሳሉን አያስቀርም፤ ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም መውረድ ዋጋ የለውም። ሁለተኛ፣ ከኤናላፕሪል ወደ ሊሲኖፕሪል ወይም ወደ ካፕቶፕሪል መቀየርም አይረዳም፤ ስማቸው «ፕሪል» ብሎ የሚያልቅ ሁሉ አንድ ዘር ናቸው። ሦስተኛ፣ የሳል ሽሮፕ፣ አንቲባዮቲክና የአስም መድኃኒት መንስኤውን አይነኩትም። ይህ ሳል መድኃኒቱን ከሚወስዱ መቶ ሰዎች ከአምስት እስከ ሃያ በሚሆኑት ላይ እንደሚደርስ ይገመታል፤ በሴቶችና ሲጋራ በማያጨሱ ሰዎች ላይ ይበዛል። የሚጀምርበት ጊዜ ደግሞ ያታልላል። በመጀመሪያው ቀን ሊመጣ ይችላል፤ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። «ይህን ክኒን ግማሽ ዓመት ወስጄዋለሁ፣ እስካሁን ምንም አላደረገኝም» የሚል ሰው ክኒኑን ከደሙ ነፃ ነው ብሎ ሊያልፈው አይገባም።

ለምን በራሳችሁ አታቋርጡ እንደምንል ከጥቅምቱ ክስተት ግልጽ ነው። ክኒኑ ሲቆም ግፊቱ ይመለሳል፤ ሰውየው ግን ሳሉ ስለቀለለው ደህና የሆነ ይመስለዋል። ከፍ ያለ ግፊት ብዙ ጊዜ ስሜት የለውም፤ የአንጎል ደም ሥር ሲፈነዳ ወይም ሲዘጋ ነው የሚታወቀው። ትክክለኛው መንገድ በአንድ ቀን መለወጥ ነው፤ ዛሬ ኤናላፕሪሉ ይቆማል፣ ከዛሬ ጀምሮ ወይም ከነገ ጠዋት ጀምሮ ሎሳርታን ወይም አምሎዲፒን ይተካል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ባለሙያው ነው፤ ስኳር፣ ኩላሊት ወይም ልብ የሚያማቸው ሰዎች ምርጫ ይለያል። የመውለድ ዕድሜ ላይ ያላችሁ ሴቶች እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ መናገር አለባችሁ፤ «ፕሪሎቹ»ም ሆኑ ሎሳርታን ጽንስን ይጎዳሉ። በሽታው ግፊት ብቻ ሳይሆን የልብ ድካም ከሆነ ደግሞ ሳሉን ቻል አድርጎ መቀጠል የሚመከርበት ጊዜ አለ፤ ለልቡ የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ ነውና።

መድኃኒቱ በተለወጠ ማግስት ሳሉ ይቆማል ብሎ መጠበቅ ሌላው ስህተት ነው። በአብዛኛው ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፤ በአንዳንድ ሰው ላይ እስከ ሦስት ወር ይዘልቃል። ስለዚህ የተለወጠበትን ቀን ካርዱ ላይ አስጽፉ፤ በየሳምንቱም ሌሊት ስንት ጊዜ እንደቀሰቀሳችሁ አስታውሱ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ የሳል መድኃኒት ካልጨመራችሁ ያዳናችሁ ምን እንደሆነ በርግጥ ይታወቃል። ሳሉ ከጠፋ በኋላ «ኤናላፕሪል ያስለኛል» የሚለው በካርዱ ላይ በትልቁ ይጻፍ። በአጋጣሚ ሌላ ሆስፒታል ግፊታችሁ ከፍ ብሎ ብትገቡ ካፕቶፕሪል እንዳይሰጣችሁ የሚከለክለው ያ ጽሑፍ ነው።

መድኃኒት ቤት ለምትሠሩም አንድ ልመና አለን። የሳል ሽሮፕ የሚጠይቅ አዋቂ ሲመጣ «የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?» እና «ሳሉ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ከሆነ ሽሮፑን ከመሸጥ ይልቅ ወደ አክታ ምርመራ ላኩት። በተለይ ሌቮፍሎክሳሲንና የመሳሰሉት አንቲባዮቲኮች የነቀርሳን ዘር ለጊዜው ስለሚያዳክሙ ምርመራውን ያሳስቱታል፤ ሕመምተኛው ለጥቂት ሳምንታት የተሻለው ይመስለውና ቤተሰቡን ሁሉ ያስይዛል። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞንም ያለ ምርመራ የሚሸጡ አይደሉም። ተደብቆ ያለ ነቀርሳን ያነሳሉ፣ ስኳርንና ግፊትን ይጨምራሉ።

ክኒኑ ተለውጦ ሦስት ወር ካለፈና ሳሉ ካልቆመ፣ ወይም ሰውየው መጀመሪያውንም የግፊት መድኃኒት የማይወስድ ከሆነ፣ ወደ ሌላው እንሂድ። በአዋቂዎች ሳንባው በራጅ ንጹሕ ሆኖ ሳል ከተራዘመ በብዛት የሚጠረጠሩት የአፍንጫና የሳይነስ ፈሳሽ ወደ ጉሮሮ መውረድ፣ አስምና የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ መመለስ ናቸው። ከሦስቱ በእኛ አካባቢ በይበልጥ የሚሰወረው አስሙ ስለሆነ እሱ ላይ ቆም እንበል።

አስም ሁልጊዜ በሲርታ አይገለጥም። በ1979 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ኮራኦ፣ ብራማንና ኧርዊን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ምልክታቸው ሳል ብቻ የሆኑ የአስም ሕመምተኞችን ገልጸው ጻፉ። ትንፋሽ አያጥራቸውም፣ ደረታቸው አያፏጭም፣ ሐኪም በማዳመጫ ሲሰማም ምንም የለም። ይህ በሳል ብቻ የሚገለጥ አስም ደረቅ ነው፤ ሊነጋጋ ሲል ይቀሰቅሳል፤ በቀዝቃዛ አየር፣ በአቧራ፣ በእንጨት ጭስ፣ በዕጣንና በሩጫ ይነሳል። ከኤናላፕሪል ሳል የሚለየውም በዚህ ነው፤ የክኒኑ ሳል ቀን ከሌሊት በማንኛውም ቦታ ጉሮሮን እየከረከረ ይመጣል፣ የአስሙ ግን የሚቀሰቅሰውን ነገር ተከትሎ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ልዩነቱ ሁልጊዜ ጥርት ያለ አይደለም፤ ለዚህ ነው መለካት የሚያስፈልገው።

መለኪያው ፒክ ፍሎው የሚባል በትንፋሽ የሚነፉት ቀላል ቱቦ ነው። ሕመምተኛው ጠዋት ሦስት ጊዜ፣ ማታ ሦስት ጊዜ በሙሉ ኃይሉ ነፍቶ ከሦስቱ ትልቁን ቁጥር ይጽፋል፤ ይህን ለሁለት ሳምንት ያደርጋል። አንድ ሰው ጠዋት 280፣ ማታ 350 ቢያገኝ ልዩነቱ 70 ነው፤ የሁለቱ አማካይ 315 ስለሆነ ልዩነቱ ከመቶ 22 ይሆናል። በአዋቂ ሰው የሁለት ሳምንቱ አማካይ ልዩነት ከመቶ ከ10 በላይ ከሆነ አስም በጣም ይጠረጠራል። ሕክምናው ሽሮፕ ወይም መርፌ አይደለም፤ በየቀኑ ጠዋትና ማታ የሚሳብ ቤክሎሜታዞን ነው። መሻሻሉ በሳምንታት ውስጥ ይጀምራል፤ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ግን እስከ ስምንት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ብዙ ሰው በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ ይጥለዋል። መድኃኒቱ ምላስ ላይ ቀርቶ ወደ ሳንባ የማይደርስበት አሳሳብም አለ። ይህን ለማስተካከል ግማሽ ሊትር የሚይዝ ንጹሕ የፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስ ግርጌውን በልኩ ቀዶ ፓምፑን መሰካት፣ ከዚያም በጠርሙሱ አፍ ቀስ ብሎ መሳብ ይቻላል፤ በደቡብ አፍሪካ አስም ባለባቸው ልጆች ላይ ተሞክሮ ለዚሁ ከሚሸጠው ዕቃ ጋር ተቀራራቢ ውጤት ያሳየ ዘዴ ነው። ከሳቡ በኋላ አፍን በውኃ መጉመጥመጥና መትፋት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ አፍ ውስጥ ነጭ ሻጋታ መሰል ነገር ይወጣል።

እዚህ ላይ ግፊትና አስም ይገናኛሉ። ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል የተባሉት የግፊትና የልብ መድኃኒቶች የአስም ሰውን የአየር ቧንቧ ሊያጠብቡ ይችላሉ። ስለዚህ ኤናላፕሪል አስሎት ወደ አቴኖሎል የተለወጠ ሰው ሳሉ ቢብስበት ወይም ትንፋሽ ቢያጥረው ቶሎ ተመልሶ ይናገር።

ከአፍንጫ ወደ ጉሮሮ የሚወርደው ፈሳሽ ደግሞ በሌላ ምልክት ይታወቃል። ሰውየው አፍንጫው ይታፈናል ወይም ያስነጥሰዋል፤ ጠዋት ሲነሳ ጉሮሮው ላይ አክታ የተጣበቀ ይመስለዋል። ለዚህ መጀመሪያ የሚሞከረው ርካሽ ነገር ነው። ውኃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ በአንድ ብርጭቆ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት፣ በመርፌ አልባ ስሪንጅ በቀን ሁለት ጊዜ አፍንጫን ማጠብ ነው። ያልፈላ ውኃ አይሆንም። ማታ የሚወሰድ ክሎርፌኒራሚንም ይረዳል፤ እንቅልፍ ስለሚያመጣ ሞተር ወይም ባጃጅ የሚነዳ ሰው ቀን ላይ አይውሰደው። አፍንጫ የሚከፍቱ ጠብታዎች ከአምስት ቀን በላይ ከተጨመሩ አፍንጫው ያለ እነሱ እንዳይከፈት አድርገው ያስለምዱታል። የግፊት ሰው ደግሞ ነሐሴ ላይ ያየነውን የጉንፋን ክኒን ጨርሶ አይውሰድ።

ስለ ጭስ ዝም ማለት አይቻልም። በር በተዘጋ ማድቤት ምጣድ ላይ ለዓመታት የጋገረች ሴት የምታስለው በክኒን ሳይሆን በጭስ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አክታ አለው። በተዘጋ ክፍል ሺሻ እየተጨሰ ጫት የሚቃምበት ቦታ ለሳለኛ አይሆንም። ጫቱ ራሱም ግፊትንና የልብ ምትን ይጨምራል። ስለዚህ ግፊቱ የማይወርድለት ሰው ለባለሙያው ጫት መቃሙን ጭምር ሳይሸሽግ ይናገር፤ አለበለዚያ መድኃኒቱ በከንቱ ይጨመርበታል።

የሚከተሉት ምልክቶች ያሉበት ሰው ግን መድኃኒት እስኪለወጥና ሳምንት እስኪቆጠር አይጠብቅ። ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን፣ ለብዙ ዓመት ያጨሰ ሰው ላይ አዲስ የመጣ ወይም ጠባዩ የተለወጠ ሳል፣ እነዚህ ወዲያው ምርመራ ይፈልጋሉ። የግፊት ሰው ጋደም ሲል ሳሉና ትንፋሽ ማጠሩ ብሶበት ቁጭ ሲል የሚቀለው ከሆነ፣ እግሩም ካበጠ፣ ያ የልብ ድካም ምልክት ነው። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ወደ ሐረር፣ ወደ ጁገል ሆስፒታል ወይም ወደ ሕይወት ፋና ሊያስተላልፈው ይገባል። ራጅ ያልተነሳ ስምንት ሳምንት ያለፈው ሳልም እንዲሁ ሳይመረመር አይቆይ።

«ፕሪል» የሚባሉትን ክኒኖች የምትወስዱ ሁሉ ደግሞ ከሳል የተለየ አንድ አደጋ እወቁ። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት በድንገት ካበጠ፣ ድምፅ ከታፈነ ወይም ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ምንጩ ሳሉን የሚያመጣው ያው የብራዲኪኒን መጠራቀም ነው። በጥቁር ሕዝቦች ላይ ከሌሎች ይልቅ ይበዛል፤ ክኒኑ ከተጀመረ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ይህ በራስ ማቋረጥ የተፈቀደበት ብቸኛው ጊዜ ነው። ቀጣዩን ክኒን አትዋጡ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ በተገኘው መኪና ወይም ባጃጅ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ የክኒኑንም መያዣ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ ወዲህ ኤናላፕሪልም ሆነ ማንኛውም ወንድሙ ለዚያ ሰው ዳግም አይሰጥም።